ፋብሪካ የጀመረው በክር ነው

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከጀመረ በኋላ የፋብሪካ ኃላፊዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ቅሬታ ነበር። ሠራተኛ አይበረክትም። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ይቀጠራሉ፣ ይሠለጥናሉ፣ ጥቂት ወራት ይሠሩና ይወጣሉ። ሌላው ለበዓል አገሩ እንደሄደ ይቀራል። አንዱ ምክንያት ደመወዙ ነው፤ የቤት ኪራይና ምግብ ከቻለ በኋላ የሚተርፈው እዚህ ግባ አይባልም። አንዳንድ ሰዎች ግን ነገሩን «የሥራ ባህል ስለሌለን ነው» ብለው ይዘጉታል።

ይህ አባባል አንድ ታሪክ ይዘነጋል። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካ ባለቤቶችም ከ250 ዓመት በፊት ስለ እንግሊዞች ያማረሩት በዚሁ ቃል ነው። ሰነፍ ናቸው፣ ሰዓት አያውቁም፣ ሰኞ አይመጡም፣ ትንሽ ገንዘብ ሲይዙ ይጠፋሉ። ታዲያ እነዚያ ሰዎች እንዴት የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኑ? ፋብሪካውስ ለምን በዚያ ዘመንና በዚያ ቦታ ተጀመረ? መልሱ ያለው ጥጥ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር በሚባለው አውራጃ፣ ጨርቅ የሚሠራው በየቤቱ ነበር። ሴቶችና ልጆች ያበጥራሉ፣ ይፈትላሉ። ወንዱ ይሸምናል። ነጋዴ ጥሬ ጥጡን ቤት ድረስ አምጥቶ ይሰጣል፣ ያለቀውን ጨርቅ መልሶ ይወስዳል፣ በቁርጥ ይከፍላል። እናቶቻችን ጥጥ ሲያባዝቱና ሲፈትሉ ያየ ሰው ይህን ኑሮ ለመገመት ብዙ አይቸገርም። ልዩነቱ እንግሊዞቹ እንዝርቱን የሚያሽከረክሩት በትልቅ መንኮራኩር መሆኑ ነው።

ችግሩ መፍተልና መሸመን እኩል አለመሄዳቸው ነበር። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ አራትና ከዚያ በላይ ፈታዮች ያስፈልጉታል። በ1733 ጆን ኬይ የተባለ የላንክሻየር ሰው በገመድ ሲሳብ ከዳር እስከ ዳር የሚበር መወርወሪያ ሠራ። መሣሪያው በየቦታው ሲለመድ ሸማኔው ፈጠነ። ፈታይዋ ግን በነበረችበት ናት። ሸማኔ ጠዋት ተነስቶ ክር ፍለጋ ከቤት ቤት መዞር ያዘ።

ሌላም ጣጣ ነበር። በእጅ የተፈተለው የጥጥ ክር ለማግ ይሆናል እንጂ ለድር አይበረታም። ድር ሸማኔው በኃይል ወጥሮ የሚሠራበት ስለሆነ ደካማ ክር ይበጠሳል። ስለዚህ የላንክሻየር ሸማኔ ድሩን ከተልባ ተክል ጭረት በተፈተለ የበፍታ ክር ይዘረጋና ማጉን በጥጥ ያደርጋል። ጨርቁ ፉስቲያን ይባላል። ጠንካራ ነው፣ ግን ከህንድ እንደሚመጣው ሙሉ ጥጥ አይለሰልስም። የእኛ አገር ሸማኔዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ላይ በብዛት ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ደግሞ የእጅ ፈትል። ምክንያቱም ያው ነው፤ ድር ወጥና ጠንካራ መሆን አለበት።

የህንዱ ጨርቅ ጉዳይ ከታሪኩ ጀርባ ያለ ትልቅ ነገር ነው። የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ያመጣው ባለ አበባ የጥጥ ጨርቅ አገሩን አሳበደው። ቀላል ነው፣ ይታጠባል፣ ቀለሙ አይለቅም። የሱፍና የሐር ሠሪዎች ተንጫጩ፤ አመጽም ተነሳ። ፓርላማው በ1700 ከውጭ የሚገባውን ባለ ሕትመት ጨርቅ ከለከለ። በ1721 ደግሞ አብዛኛውን የጥጥ ሕትመት መሸጥም መልበስም ወንጀል አደረገው። ሰው ለምዶና ወድዶ ሳለ የሚያቀርብለት ጠፋ ማለት ነው። ገበያው አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ማንም የህንዱን የሚመስል ጨርቅ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ መሥራት ከቻለ ባለጠጋ እንደሚሆን ግልጽ ነበር። የጎደለው ለድር የሚሆን የጥጥ ክር ብቻ ነው።

ክርን በማሽን የመፍተል ሐሳብ የመጣው ቀድሞ ነው። ሉዊስ ፖል እና ጆን ዋያት በ1738 የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ሐሳባቸው እንዲህ ነው። የተበጠረውን ጥጥ በሁለት ጥንድ ሮለሮች መሐል ታሳልፈዋለህ። የፊተኛው ጥንድ ከኋለኛው ፈጥኖ ይዞራል። ስለዚህ ጥጡ ይሳባል፣ ይቀጥናል። ከዚያ እንዝርቱ ያከርረዋል። የፈታይዋ ሁለት ጣቶች የሚያደርጉት በትክክል ይህንኑ ነው። በርሚንግሃም ውስጥ በአህያ፣ ኖርዝሃምፕተን ውስጥ በውሃ የሚዞር አቋቋሙ። ሁሉም ከሰረ።

ለምን እንደከሰሩ ማወቁ ስለ ፈጠራ ከሚነገረው ብዙ ተረት ያድነናል። ሐሳቡ ልክ ነበር። የጠፋው ልኬቱ ነው። በሁለቱ ጥንድ ሮለሮች መካከል ያለው ርቀት ከጥጡ ጭረት ርዝመት ትንሽ ብቻ መብለጥ አለበት። ከጠበበ ሁለቱም ጥንዶች አንዱን ጭረት ይይዙትና ይበጥሱታል። ከሰፋ ደግሞ መሐል ላይ ማንም ያልያዘው ጭረት ስለሚንሳፈፍ ክሩ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ከዚህም ሌላ የላይኛው ሮለር በክብደት ተጭኖ ካልያዘ ጥጡ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለው ነገር በንድፍ አይገኝም። ወራት ሙሉ በመሞከር ነው የሚገኘው።

ያገኘው ሪቻርድ አርክራይት ነው። ሥራው ፀጉር አስተካካይና ዊግ ሠሪ ነበር። ሜካኒክ አልነበረም፣ ስለዚህ ሰዓት ሠሪ ቀጠረ። የሰዓት ሠሪው ስምም ጆን ኬይ ነው፤ ባለ መወርወሪያው ሳይሆን ሌላ ሰው። የሐሳቡ እውነተኛ ባለቤት ማን እንደሆነ በኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ያሟገተ ጉዳይ ነው፤ አርክራይትም በ1785 የፈጠራ መብቱን ተነጠቀ። እኔ ግን ከባለቤትነቱ ይልቅ የሰዓት ሠሪው እዚያ መገኘት ይገርመኛል። በዚያ ዘመን የላንክሻየር ደቡብ ሰዓት ሠሪዎች የሞሉበት አካባቢ ነበር። የናስ ጥርስ በትክክል የሚቆርጥ፣ አንዱን መዘውር ከሌላው ጋር በፍጥነት የሚያመጣጥን እጅ በገበያ ላይ ይገኝ ነበር።

አርክራይት በ1769 ማሽኑን አስመዝግቦ ኖቲንግሃም ውስጥ በፈረስ አስጀመረው። ፈረስ ግን ይበላል፣ ይደክማል። ገንዘብ ካላቸው ሁለት የካልሲ ነጋዴዎች፣ ከጄዴዳያ ስትራት እና ከሳሙኤል ኒድ ጋር ሆኖ በ1771 ወደ ዳርቢሻየር ኮረብታዎች ወጣ። ክሮምፎርድ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። እዚያ አንድ ጅረት አለ። ከጅረቱ ሌላ ደግሞ ከእርሳስ ማዕድን ጉድጓድ ውሃ ለማስወጣት የተቆፈረ ቦይ አለ። የቦዩ ውሃ ከመሬት ውስጥ ስለሚመጣ ለብ ያለ ነው፤ በብርድ ወራት በረዶ አይሆንም። ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ ሊዞር ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ፋብሪካን የወለደው የእንፋሎት ሞተር አይደለም። የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር የጥጥ ፋብሪካ ማዞር የጀመረው በ1785 ነው። በዚያን ጊዜ ክሮምፎርድ ሥራ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች የወንዝ ልጆች ናቸው። ወንዙ ባለበት ደግሞ ሰው የለም። ስለ ሥራ የምናወራው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ችግር ነው።

በታኅሣሥ 1771 አርክራይት በዳርቢ ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። የሚፈልጋቸው ሰዓት ሠሪዎች፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ እንጨት ጠራቢዎች ነበሩ። ሸማኔዎች ደግሞ በአካባቢው ቢኖሩ ሥራ እንደሚያገኙ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ለሴቶችና ለልጆች ሥራ አለ ይላል። ማስታወቂያውን ላስተዋለው የፋብሪካው አወቃቀር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ጥቂት ባለሙያ ወንዶች ማሽኑን ይሠራሉ፣ ይጠግናሉ። ማሽኑ ፊት የሚቆሙት ልጆችና ሴቶች ናቸው። ሥራቸው የተበጠሰ ክር መቀጠል፣ የሞላ ማጠንጠኛ አውጥቶ ባዶውን መተካት፣ ወለል ላይ የወደቀውን ብናኝ መጥረግ ነው። ሙያ የሚባለው ነገር ከሰው ጣት ወጥቶ ሮለሩ ውስጥ ገብቷል።

ሠራተኛው አልበቃ ሲል አርክራይት ቤት መሥራት ጀመረ። በ1776 አካባቢ የተሠራው የኖርዝ ስትሪት ረድፍ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ የላይኛው ፎቅ ሰፋፊ መስኮት አለው። አባወራው እዚያ ላይ ተቀምጦ ይሸምናል፣ ሚስቱና ልጆቹ ታች ፋብሪካ ይገባሉ። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ተፈላጊ ሆነ።

ፋብሪካው ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር፣ በሁለት ፈረቃ። ጠዋትና ማታ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፣ ደወል ይደወላል፣ በሩ ይዘጋል። የዘገየ ሰው ደመወዙን ያጣል። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ነው። ለዚያ ዘመን ሰው ግን እጅግ እንግዳ ነበር።

እቤቱ የሚሸምነው ሰው እንዴት ይሠራ እንደነበር አስቡት። ጨርቁን የሚያስረክበው ቅዳሜ ነው። ገንዘብ ይቀበላል፣ እሑድ ያርፋል። ሰኞ ደግሞ ይጠጣል፤ እንግሊዞች ይህን ቀን በቀልድ «ቅዱስ ሰኞ» ይሉት ነበር። ማክሰኞ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ረቡዕ ይፈጥናል። ሐሙስና ዓርብ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። በመሐል ዝናብ ከጣለ ይተኛል፣ አዝመራ ከደረሰ ማሳ ይወርዳል። ለጊዮርጊስ፣ ለሚካኤል ሥራ የማይያዝበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። በሳምንት የሚሠራው ሰዓት ሲደመር ብዙ ነው። ግን የሚሠራበትን ሰዓት የሚመርጠው እሱ ነው። የሚለካውም በጨርቁ እንጂ በቆየበት ጊዜ አይደለም።

ፋብሪካው ይህን አይችልም። አንድ የውሃ መዘውር በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዝርቶችን በአንድ ጊዜ ያዞራል። አንዲት ልጅ ብትቀር የእሷ እንዝርቶች ክር ሲበጠስ የሚቀጥል የለም፤ መዘውሩ ግን መዞሩን አያቆምም። ባለቤቱ ለሕንፃው፣ ለቦዩና ለማሽኑ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል። ማሽኑ የቆመበት ሰዓት ሁሉ ከኪሱ ይወጣል። ስለዚህ ሰዓት ገንዘብ የሆነው በማንም ክፋት ብቻ አይደለም፤ ከማሽኑ ዋጋ የተነሳም ነው።

ክፋቱ ግን አልጠፋም። በ1820ዎቹ ማንችስተር አጠገብ ታይልድስሊ በሚባል ቦታ የነበረ አንድ የፋብሪካ የቅጣት ዝርዝር ተመዝግቦ ቀርቷል። መስኮት ከፍቶ የተገኘ ፈታይ አንድ ሽልንግ ይቀጣል። ሲታጠብ የተገኘ አንድ ሽልንግ። ሲያፏጭ የተሰማ አንድ ሽልንግ። ክር እንዳይበጠስ ክፍሉ ሞቃትና እርጥብ መሆን ስላለበት መስኮቱ የተከለከለበት ምክንያት ይገባኛል። የማፏጨቱ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ሌላ ፋብሪካ ደግሞ፣ ማክልስፊልድ ከተማ ውስጥ ያለ የሐር ፋብሪካ፣ በ1810 ሁለት ፊት ያለው ሰዓት አሠራ። አንደኛው ፊት እንደ ማንኛውም ሰዓት ይቆጥራል። ሁለተኛው በውሃ መዘውሩ የሚነዳ ነው። ውሃው ሲቀንስና መዘውሩ ሲዘገይ ይህ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚሄደው በሁለተኛው ሰዓት ነበር። ወንዙ የጎደለውን ጊዜ ሰው ይሞላል ማለት ነው።

አሁን ወደ «ለምን» ልመለስ። ህንድ ውስጥ ከእንግሊዝ የተሻሉ ፈታዮችና ሸማኔዎች ነበሩ። ፈረንሳይ ሳይንቲስትና ገንዘብ ነበራት። ለምን እዚያ አልሆነም?

ታሪክ ጸሐፊው ሮበርት አለን የሚሰጠው መልስ የዋጋ ስሌት ነው። በጄምስ ሃርግሪቭስ የተሠራውን ጄኒ የተባለ የእጅ መፍተያ ማሽን ይወስዳል። እንግሊዝ ውስጥ ዋጋው ወደ 70 ሽልንግ ነበር። ይህ የአንዲት ፈታይ የ134 ቀን ገቢ ያህል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ማሽኑ የ311 ቀን ገቢ ይሆናል፤ የሰው ጉልበት እዚያ ርካሽ ነበርና። ህንድ ውስጥ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ጉልበት ርካሽ በሆነበት አገር ማሽን መግዛት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ፈረንሳዮች ማሽኑን እያወቁትም ብዙ አልገዙትም።

ይህ ሐሳብ ያሳምናል፣ ግን ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ሌሎች ሁለት ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ጄን ሃምፍሪስ እና ቤንጃሚን ሽናይደር፣ የፈታዮችን ገቢ ከመዛግብት ለቅመው ሲያዩ የእንግሊዝ ፈታዮች እንደሚባለው ብዙ የሚከፈላቸው አልነበሩም። አብዛኛዎቹ በድህነት የሚኖሩ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ይህ እውነት ከሆነ ውድ ጉልበት ማሽኑን ወለደ የሚለው ይሰነጠቃል።

እንደኔ፣ የሁለቱን ክርክር የሚያስታርቀው ነጋዴው የሚከፍለው ሁሉ ለፈታይዋ አለመድረሱ ነው። ፈታዮቹ በየመንደሩ ተበትነዋል። ጥጥ የሚያከፋፍል ሰው መክፈል አለ፣ ፈረስ አለ፣ ቀጠሮ ያለፈ ክር አለ። የሚጠፋም ጥጥ አለ፤ ነጋዴዎቹ በፈታዮች ስርቆት ሲያማርሩ ፓርላማው ሕግ ላይ ሕግ ደርቧል። ሸማኔ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅበትም ጊዜ ዋጋ አለው። ለፈታይዋ እጅ ትንሽ ደረሰ ማለት ክሩ ርካሽ ነበር ማለት አይደለም። ፋብሪካው ያዳነው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ ነው። ከዚያ ላይ የተከለከለው የህንድ ጨርቅ የተወው ገበያ፣ የሰዓት ሠሪው እጅና የካልሲ ነጋዴው ገንዘብ አንድ አካባቢ ተገናኙ።

ጥሬው ጥጥስ? እንግሊዝ ውስጥ ጥጥ አይበቅልም። መጀመሪያ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከኦቶማን ግዛት፣ ኋላ በዋናነት ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ይመጣ ነበር፤ በካሪቢያንና በአሜሪካ የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። በ1770ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ በዓመት የሚገባው ጥጥ በክብደት ከአምስት ሚሊዮን ፓውንድ ያነሰ ነበር። በ1800 ከ50 ሚሊዮን በለጠ። የክሮምፎርድ ደወል የሚያስተጋባው ሚሲሲፒ ድረስ ነው።

አርክራይት በ1774 ፓርላማውን አግባብቶ በእንግሊዝ የተሠራ ሙሉ የጥጥ ጨርቅ እንዲፈቀድ አስደረገ። ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው። በ1779 ሳሙኤል ክሮምፕተን የጄኒውንና የሮለሩን ዘዴ ያዋሐደ፣ ቀጭን ክር የሚፈትል ሚውል የሚባል ማሽን ሠራ። 100 ፓውንድ ጥጥ በህንድ የእጅ ዘዴ ለመፍተል ወደ 50,000 የሥራ ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ተሰልቷል። በ1795 በውሃ ወይም በእንፋሎት ኃይል የሚታገዘው ሚውል በ300 ሰዓት ይጨርሰው ነበር።

ይህ ቁጥር የሰው ኑሮ ሲሆን እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተመቱት እቤታቸው የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። በአንድ ትውልድ ውስጥ የእጅ ፈትል ገቢ ጠፋ። በ1779 ላንክሻየር ውስጥ ሕዝብ ተነስቶ ቾርሊ አጠገብ የነበረውን የአርክራይት ፋብሪካ አቃጠለ። አርክራይት ክሮምፎርድ ላይ መድፍ አዘጋጅቶ ጠበቀ፤ እዚያ ግን አልደረሱም።

ሸማኔው በተቃራኒው ወርቃማ ዘመን መጣለት። ክሩ ረክሶና ሞልቶ ስለነበር፣ ሽመናው ደግሞ ገና በእጅ ስለሆነ፣ ሸማኔ ተፈላጊ ሆነ። ኪሱ ሞላ። ገበሬው፣ አየርላንዳዊው፣ ከጦር የተመለሰው ሁሉ ሽመና ገባ። ጦሱ እዚህ ነው። ሽመና በጥቂት ወራት የሚለመድ ሥራ ነው፣ በሩን የሚዘጋ የለም። ሸማኔው ሲበዛ ክፍያው መውረድ የጀመረው የኃይል መሸመኛ ማሽን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ማሽኑ የመጣው የደከመውን ሊጨርስ ነው። በ1820 አካባቢ ከ200,000 የሚበልጡ የእጅ ሸማኔዎች ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የቀሩት ጥቂት አሥር ሺዎች ናቸው።

ለምን ቶሎ ወደ ፋብሪካ አልገቡም የሚል ይኖራል። አንደኛ፣ ፋብሪካው አይፈልጋቸውም ነበር። ልጆቻቸውን ነው የሚፈልገው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ በሩ የሚዘጋበት ቦታ ከመግባት ርሃብን መረጡ። አባት እቤት ሥራ እያጣ ልጅ ደመወዝ ይዞ የሚገባበት ቤት በዛ።

ሕጉ ልጆቹን ሊጠብቅ የተነሳው ዘግይቶ ነው። በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ከለከለ፤ የሐር ፋብሪካዎች ግን በዚህ አልተያዙም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ላሉት የቀን ሥራ በዘጠኝ ሰዓት ተገደበ። ለአገሩ በሙሉ አራት ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። ተቆጣጣሪዎቹ መጀመሪያ የገጠማቸው ችግር የልጁን ዕድሜ ማወቅ ነበር። መንግሥት ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1837 ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪም ልጁን አቁሞ ቁመቱን ይመለከታል፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ይመስላል ብሎ ይፈርማል። ቁመት አታላይ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ጥርስ መቁጠር ይሻላል የሚል የጥርስ ሐኪም ተነሳ።